ካልሲየም ክሎራይዱ ስንት ቦታ ተከፈለ?

የምሠራበት ላቦራቶሪ ለማቀዝቀዣ መስመር የሚገባውን የጨው ውሃ በሁለት መንገድ ይመረምራል። አንዱ በሃይድሮሜትር እፍግታውን ማንበብ ነው። ሌላው ማፍላት ነው። ጨው ያለበት ውሃ ከንጹህ ውሃ ከፍ ባለ ሙቀት ላይ ስለሚፈላ፣ ልዩነቱን ለክቶ የጨውን መጠን ማስላት ይቻላል።

ድሮ የምንጠቀመው ሶዲየም ክሎራይድ ነበር። በኋላ መስመሩ ወደ ካልሲየም ክሎራይድ ተቀየረ። በዚያ ሰሞን አንዲት ቴክኒሺያናችን ናሙና አፍልታ ውጤቷን ይዛ መጣች። ከንጹህ ውሃው በ1.5 ዲግሪ በልጦ ነው የፈላው። የስሌት ቅጹ ይህን ተቀብሎ በአንድ ኪሎ ውሃ 163 ግራም ጨው አለ አላት። ያን ያህል ጨው ካለ ሃይድሮሜትሩ ወደ 1.12 ማንበብ ነበረበት። ያነበበው ግን 1.08 ነው። ይህ ደግሞ የሚገጥመው ወደ 110 ግራም ለሚጠጋ ጨው ነው።

«ሃይድሮሜትሩ ተበላሽቷል ማለት ነው» አሉ የክፍሉ ኃላፊ። መስመሩ ላይ ውሃ ተጨምሮ ይቅጠን የሚል ሐሳብም ወዲያው ተነሳ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት የማፍላቱን ሥራ ነው። እንከን አልነበረውም። ንጹህ ውሃውን በዚያው ቀን፣ በዚያው ቴርሞሜትር አፍልታለች። የአየር ግፊት በተለወጠ ቁጥር የውሃው የመፍላት ነጥብም ስለሚለወጥ፣ 100 ዲግሪ ነው ብሎ መነሳት አይቻልም። ቴርሞሜትሩን የነከረችው ፈሳሹ ውስጥ ነው። እንፋሎቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ እየሆነ ጫፉን ያረጥበዋል፤ የሚነበበውም የንጹህ ውሃ ሙቀት ይሆናል። ውሃው እየተነነ ጨዉ እንዳይጠነክርም እንፋሎቱን አቀዝቅዞ የሚመልስ ቱቦ ገጥማለች።

ስለዚህ ወደ ቁጥሮቹ ተመለስኩ። 163ን ለ110 ሳካፍል 1.5 ገደማ መጣ፤ ማለትም 3 ለ 2። ሃይድሮሜትር ሲበላሽ እንዲህ ያለ ንጹህ ጥምርታ አይሰጥም። ቅጹን ከፍቼ ቀመሩን አየሁት፦

```
ΔT = i × 0.512 × m
```

0.512 የውሃ ቋሚ ቁጥር ነው። m በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ ያለው የጨው ሞል ነው። i ደግሞ አንዱ የጨው አሃድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ስንት ቅንጣት እንደሚሆን ይናገራል። ጨዉ ሲቀየር የአንድ ሞሉ ክብደት ከ58.4 ወደ 111 ግራም ተስተካክሏል። i ግን 2 እንደሆነ ቀርቷል።

2 ለሶዲየም ክሎራይድ ልክ ነው፤ አንድ ሶዲየም፣ አንድ ክሎራይድ። CaCl₂ ግን አንድ የካልሲየም አዮንና ሁለት የክሎራይድ አዮኖች ሆኖ ይለቀቃል። ሦስት ቅንጣት ነው። የመፍላት ነጥቡን ከፍ የሚያደርገው ውሃው ውስጥ የተበተነው ቅንጣት ብዛት ነው። ቅንጣት በበዛ ቁጥር ውሃው ወደ እንፋሎት የመሸሽ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ለመፍላትም የበለጠ መሞቅ አለበት።

1.5ን ለ0.512፣ ከዚያ ለ3 ስናካፍል 0.98 ሞል ይወጣል። በ111 ስናባዛው 108 ግራም። ከሃይድሮሜትሩ ጋር ገጠመ።

ኃላፊው ግን በስሌት ብቻ አላመኑም፤ ልክም ነበሩ። «መጠኑን የምናውቀውን አፍልተሽ አሳዪኝ» አሏት። 111 ግራም ደረቅ ካልሲየም ክሎራይድ በአንድ ኪሎ ውሃ አሟሟች። እዚህ ላይ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማየት ግድ ነው፤ ሁለት ውሃ የያዘው ዓይነት ከሆነ አንድ ሞሉ 147 ግራም ነው። ቀመሩ የሚጠብቀው 1.54 ዲግሪ ነበር። ቴርሞሜትራችን በሚለየው ልክ እዚያው ላይ አረፈ። ውሃ የመጨመሩ ሐሳብም ቀረ።

ቅጹን ስናስተካክል ጥሩ ጥያቄ ያነሳችው ራሷ ቴክኒሺያኗ ናት። «ታዲያ ለሁሉም ጨው ከፎርሙላው አዮን ቆጥረን እንጻፍ?» አለች። አይቻልም። አዮኖች ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙላት ስላላቸው ይሳሳባሉ፤ ሙሙቱ ሲጠነክር ደግሞ የበለጠ ይቀራረባሉ። ሶዲየም ክሎራይድ እንኳ በአንድ ሞል ላይ ከ2 ትንሽ ዝቅ ይላል። ማግኒዢየም ሰልፌትማ ጭራሽ ሌላ ነው። በፎርሙላው ሁለት አዮን ነው፤ ሁለቱም ግን ድርብ ሙላት ስላላቸው አጥብቀው ይያያዛሉ። በጣም ቀጭን በሆነው 0.05 ሞል ላይ እንኳ i 1.3 አካባቢ ነው። ለእሱ 2 ብንጽፍ ኖሮ ቅጹ ካለው ጨው አሳንሶ ይነግረን ነበር።

አሁን ቅጹ መጀመሪያ የጨዉን ስም ይጠይቃል። ለማግኒዢየም ሰልፌት የ i ቦታ ባዶ ነው። በዚያ ፈንታ መጠናቸው የታወቁ ናሙናዎችን አፍልታ ያወጣችው የመለኪያ ሠንጠረዥ ተያይዟል።