ሰርቨር ቢጨመርም የማይቀለው ፓርቲሽን

ባለፈው ስለ ኢንዴክስ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጥናት ቡድናችን ጋር የገባንበት ሻርዲንግ ነው፤ ዳታን በብዙ ሰርቨሮች ላይ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ማለት ነው። በደፈናው ከማንበብ አንድ ነገር ዲዛይን አድርገን እንከራከርበት ተባባልን። የመረጥነው የቻት መልእክት ማስቀመጫ ሆነ፤ ዳታቤዙ ካሳንድራ። የቻት መተግበሪያው ዲስኮርድ ለዓመታት መልእክቶቹን ያስቀመጠው በካሳንድራ ነበር፣ የገጠመውንም ጣጣ በግልጽ ጽፎታል፤ ስለዚህ ማመሳከሪያ አላጣንም።

መነሻው ቀላል ነው። ካሳንድራ የፓርቲሽን ቁልፉን ሀሽ አድርጎ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፤ ዳታው የትኞቹ ኖዶች፣ ማለትም የክላስተሩ ሰርቨሮች፣ ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። ቁልፉ `channel_id` ብቻ ከሆነ የአንድ ቻናል መልእክት በሙሉ አንድ ፓርቲሽን ውስጥ ይገባል። የሪፕሊካው፣ ማለትም የዳታው ቅጂ፣ ቁጥር 3 ከሆነ ያ ፓርቲሽን ሦስት ኖዶች ላይ ይቀመጣል። ለትናንሽ ቻናሎች ይህ ምንም ችግር የለበትም። ነገሩ የሚበላሸው አንድ ቻናል ብዙ መቶ ሺህ አባላት ሲኖሩት ነው። አስተዳዳሪው ለሁሉም ማሳወቂያ ይለቃል፣ ሰዉ ግር ብሎ ያንኑ ፓርቲሽን ይከፍታል። ሆት ፓርቲሽን የሚሉት ይህን ነው። ክላስተሩ 30 ኖድ ቢኖረውም ሦስቱ ሲታነቁ 27ቱ ዳር ቆመው ያያሉ።

ክርክሩ የጦፈው መፍትሔው ላይ ነው። አንዱ «ኖድ እንጨምር» አለ። ሌላዋ «ሪፕሊካ እንጨምር» አለች። ሁለቱም መጀመሪያ ሲሰሟቸው ልክ ይመስላሉ።

የኖዱን ሐሳብ ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት። በዶከር አራት ኖድ አስነሳሁና የሞቀው ቻናል የት እንዳለ ጠየቅኩ፦

```
nodetool getendpoints chat messages 42
172.20.0.3
172.20.0.5
172.20.0.2
```

አምስተኛ ኖድ ጨምሬ ያንኑ ትእዛዝ ደገምኩት። የሚመጣው አሁንም ሦስት አድራሻ ነው። አዲሱ ኖድ ከሦስቱ የአንዱን ቦታ ሊወስድ ይችላል፤ ፓርቲሽኑ ግን ለሁለት አይከፈልም። ኖድ ሲጨመር ዳታውን እንደገና ማደላደል፣ ሪባላንስ የሚሉት፣ የሚያንቀሳቅሰው የሀሽ ክልሎችን ነው፤ አንድ ቁልፍ ደግሞ የቱንም ያህል ቢወፍር በክልሉ ላይ አንዲት ነጥብ ነው። ከቦታ ቦታ ይዛወራል እንጂ አይቆራረስም።

ሌላም ነገር አለ። አዲሱ ኖድ ዳታውን ከወሰደ በኋላም የድሮዎቹ ኖዶች ዲስክ አይቀንስም። እነሱ ላይ `nodetool cleanup` እስኪሮጥ ድረስ የተዛወረው ዳታ እዚያው ተቀምጦ ይቆያል። ይህን ሳይ ሰዎች ያሉበትን ቦታ የሚያሳውቁበት መተግበሪያ የፎርስኩዌር ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 የእነሱ ሞንጎዲቢ በሁለት ሻርድ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰርቨር 66 ጊጋባይት ራም አለው። ዳታው በተጠቃሚ መለያ ነው የተከፈለው፤ ዕድገቱ ግን እኩል አልሆነም። አንደኛው ሻርድ 67 ጊጋባይት ሲደርስ ሌላው 50 አካባቢ ነበር። በአንድ ጊጋባይት ብቻ ከራም አለፈ፣ ዲስክ ማንበብ ጀመረ፣ ሁሉም ነገር ተንቀራፈፈ። ሦስተኛ ሻርድ ጨምረው 5 በመቶውን ዳታ አዛወሩ። ለውጥ የለም! እያንዳንዱ መዝገብ 300 ባይት ገደማ ነው፣ ማህደረ ትውስታው የሚያዘው ደግሞ በ4 ኪሎባይት ገጽ ነው። ከየገጹ ጥቂት መዝገብ ወጣ እንጂ ሙሉ ገጽ ነጻ አልሆነም። ዳታውን እንደገና አጠጋግተው እስኪያስተካክሉ ድረስ አገልግሎቱ ለብዙ ሰዓታት ተቋርጦ ነበር። የኔ ድምዳሜ፦ ሪባላንስ ራም ሳይሞላ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ከሞላ በኋላ ዝውውሩ ራሱ ተጨማሪ ጫና ነው።

ወደ ሪፕሊካው እንመለስ። እዚህ ላይ ወረቀት አውጥተን አሰላነው። ጽሑፍ ሲመጣ ካሳንድራ ለሁሉም ሪፕሊካ ይልካል፤ `QUORUM` ማለት ከግማሽ በላይ የሆኑት እስኪመልሱ እንጠብቅ ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ሪፕሊካው 3 ቢሆን 5 ቢሆን፣ እያንዳንዱ ኖድ የዚያን ቻናል ጽሑፍ አንድም ሳይቀር ይቀበላል። ለጽሑፍ ጥቅሙ ዜሮ ነው።

ለንባብስ? በሴኮንድ 3,000 ንባብ አለ እንበል። ሪፕሊካው 3 ሲሆን ኮረሙ 2 ነው፤ 6,000 ጥያቄ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2,000 ይደርሰዋል። ሪፕሊካው 5 ሲሆን ኮረሙ 3 ይሆናል፤ 9,000 ለአምስት፣ ማለትም 1,800። ሁለት ሙሉ ቅጂ ጨምረን ያተረፍነው 10 በመቶ ነው። `ONE` ላይ፣ ማለትም ከአንድ ሪፕሊካ ብቻ፣ ብናነብ በእርግጥ ከ1,000 ወደ 600 ይወርዳል፤ ግን አሁን የተላከ መልእክት ለአንዱ ታይቶ ለሌላው ላይታይ ይችላል። ለቻት እኔ አልቀበለውም። ሪፕሊካ ኖድ ሲሞት ዳታው እንዳይጠፋና አገልግሎቱ እንዳይቆም ነው የሚያስፈልገው፤ ለዚያ 3 በቂ ነው።

የቀረን ቁልፉን መንካት ነው። ዲስኮርድ መጀመሪያ የወሰደው መንገድ በጊዜ መክፈል ነው፤ አንድ ባልዲ 10 ቀን ያህል መልእክት ይይዝ ነበር፦

```sql
PRIMARY KEY ((channel_id, bucket), message_id)
```

ይህ የፓርቲሽኑን መጠን ይገድባል። `nodetool tablehistograms chat messages` ብላችሁ ትልቁን ፓርቲሽን ብታዩ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን መጠን ሌላ፣ ሙቀት ሌላ። ዛሬ የሚጻፈው ሁሉ የሚገባው ዛሬ ባለችው ባልዲ ነው፤ የሚነበበውም በአብዛኛው እሷው ናት። የትኛው ቁልፍ እንደሞቀ የሚያሳየው `nodetool toppartitions` ነው፤ ከባልዲው በኋላም ያው ቻናል አናት ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ ቁልፉ ላይ ሦስተኛ ነገር ጨመርን፦ ከ0 እስከ 7 የሚሄድ `salt`። ጽሑፉ በስምንት ፓርቲሽን ይበተናል። ዋጋው ንባብ ላይ ነው፤ የመጨረሻዎቹን 50 መልእክቶች ለማምጣት ስምንቱንም ጠይቆ በጊዜ ቅደም ተከተል ማዋሃድ ግድ ይላል።

ቁጥሩ የሚመጣው ከየት ነው? ብዙ ሰው ወዲያው `message_id % 8` ይላል። ተጠንቀቁ። መለያው በትዊተር ስኖፍሌክ አሠራር የተሠራ ከሆነ የመጨረሻዎቹ 12 ቢቶች ተራ ቁጥር ናቸው፣ በየሚሊሴኮንዱም ከዜሮ ይጀምራሉ። አንድ ሰርቨር በአንድ ሚሊሴኮንድ ውስጥ ከአንድ በላይ መለያ የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል 0 ነው፤ ሰባቱ ፓርቲሽን ባዶ ይቀራል። መለያውን መጀመሪያ ሀሽ አድርጎ ከዚያ ለ8 ማካፈል ይሻላል።

ንባቡ ብቻ ከሞቀ ግን ሶልት ጭራሽ ያባብሰዋል፤ አንድ ጥያቄ ስምንት ይሆናላ! ዲስኮርድ እዚህ ላይ ያደረገው ደስ ይላል። ከዳታቤዙ ፊት በራስት ቋንቋ የተጻፈ አገልግሎት አቆሙ። የአንድ ቻናል ጥያቄዎች ወደ አንድ ቦታ ይመራሉ፤ ያንኑ መልእክት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ወደ ዳታቤዙ የሚሄደው አንድ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ለሁሉም ይታደላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከካሳንድራ ወደ ሌላ ዳታቤዝ፣ ወደ ሲላዲቢ፣ ሲዛወሩም ይህን አስቀድመው ሠርተው ነበር።

አሁን የያዝነው ዲዛይን እንዲህ ነው። ስንት ሶልት እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው በቻናልና በባልዲ ነው፤ በአንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ ይመዘገባል። ለአብዛኛው ቻናል 1 ነው። ቻናሉ ከሞቀ ቁጥሩን ወደ 8 የምንቀይረው ለሚቀጥለው ባልዲ ብቻ ነው፤ የድሮው ባልዲ በነበረበት ይነበባል፣ ምንም ዳታ አይዛወርም። የቀረው ቀዳዳ ባልዲው ገና በሁለተኛ ቀኑ ቢሞቅ ስምንት ቀን መጠበቁ ነው። ለትልልቆቹ ቻናሎች ባልዲውን ወደ አንድ ቀን እናሳጥረው የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የምንለካው እሱን ነው።