ኬታሚን ለድባቴ፦ ደሴ ላይ ለጆርናል ክለብ እንዴት እንዳዘጋጀሁት

ደሴ በምሠራበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ የታተሙ ጥናቶችን አቅርበን የምንወያይበት የጆርናል ክለብ ተራ ሲደርሰኝ ኬታሚንን መረጥኩ። መድኃኒቱ ከኛ ሩቅ አይደለም፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ለማደንዘዣ ዘወትር የሚሠሩበት ነው። ድባቴን በሰዓታት ውስጥ ያቀላል ሲባል የሰማ ሐኪም «እኛስ ለምን አንሰጥም?» ማለቱ አይቀርም።

ብዙ ጥናት ከመደርደር ሁለት ብቻ ይዤ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆምኩ፦ ታካሚው የተሰጠውን መድኃኒት አውቆታል ወይ? ኬታሚን የወሰደ ሰው ገላው የሱ ያልሆነ፣ ክፍሉ የራቀ ይመስለዋል። መድኃኒት ከሌለው የጨው ውሃ ጋር ከተወዳደረ ማን ምን እንደወሰደ ወዲያው ይታወቃል፤ ተስፋው ራሱ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ይህን ለመቀነስ በጨው ውሃ ፋንታ ሚዳዞላም የሚባለውን ማስታገሻ ተጠቀመ። በ24 ሰዓት ውስጥ የሕመም ነጥባቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰው ከኬታሚኑ ቡድን 64 በመቶ፣ ከሚዳዞላሙ 28 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ሚዳዞላም እንቅልፍ ያመጣል እንጂ ያንን የመራቅ ስሜት አያመጣም፤ ስለዚህ መገመቱ አልቀረም።

በ2023 የታተመው የስታንፎርድ ጥናት መላ ዘየደ። ድባቴ ያለባቸውን 40 የቀዶ ጥገና ታካሚዎች ሙሉ ሰመመን ውስጥ ሳሉ ለከፊሎቹ ኬታሚን፣ ለቀሪዎቹ ጨው ውሃ ሰጠ። ሁለቱም ቡድኖች በጣም ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልታየም። አንዱ ባልደረባዬ «እንግዲያው ከንቱ ነው» አለ። እኔ አልተስማማሁም። ሰመመን ሰጪዎቹ መድኃኒቶች ራሳቸው ድባቴን ሊነኩ ይችላሉ፤ ታካሚዎቹም ጥቂት ናቸው። ጥናቱ የሚያሳየው የተስፋ ጉልበት ትልቅ መሆኑን ነው፤ ኬታሚን አይሠራም አያሰኝም።

ክርክሩ የሞቀው ግን የሰመመን ባለሙያዋ ስትናገር ነበር። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍን። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የድባቴው መጠን በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነው፤ 30 ሚሊግራም በ40 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይገባል። በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ከያዘው ብልቃጥ 0.6 ሚሊሊትር ማለት ነው። ለማደንዘዣ በደም ሥር የሚሰጠው ግን በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። «ልጄ፣ እጃችን የለመደው ያኛውን ነው» አለችኝ፤ እኔም ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። 10 ሚሊሊትር ብልቃጥ ውስጥ 500 ሚሊግራም ስላለ፣ መጠኑን ሁለት ሰው ሳያረጋግጥ አይቀዳም አልን።

ሌላው ስጋት የደም ግፊት ነው፤ በመድኃኒቱ ጊዜ ይጨምራል። በአፍንጫ የሚረጨው የኬታሚን ዓይነት፣ ኤስኬታሚን፣ በአሜሪካ በ2019 ሲፈቀድ ታካሚው ቢያንስ ሁለት ሰዓት በጤና ተቋም እንዲጠበቅና እስከ ማግስቱ እንዳይነዳ ተደርጎ ነው። ከወረኢሉ መጥቶ በዚያው ቀን በሚኒባስ የሚመለስ ሰው አስታማሚ ከሌለው ይህ አይሆንለትም። ውጤቱም ከአንድ መጠን በኋላ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይከስማል፤ በተደጋጋሚ መስጠት ደግሞ የሱስና የሽንት ፊኛ ጉዳት ጥያቄ ያስነሳል።

የተስማማንበት ይህ ነው፦ ቢጀመር እንኳ ሁለት የድባቴ መድኃኒት በበቂ መጠንና ጊዜ ሞክሮ ላልተሻለው፣ ተኝቶ ለሚታከም፣ ግፊቱ ለተስተካከለ ሰው ብቻ። በማግስቱ የሕመም ነጥቡን የሚሞላውም መድኃኒቱን የሰጠው ሰው አይሁን።