የመጀመሪያው ጠላዬ፦ ጥንስሱ እስኪነሳ

ጠላ መጥመቅ ለመማር ደብረ ብርሃን አያቴ ቤት ከርሜ መመለሴ ነው። እቴቴ ልጆቿን ያሳደገችው ጠላ ሸጣ ነው። እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ጥንስሱ ነው። እኔን ያስጨነቀኝም ያስተማረኝም እሱ ነበርና።

ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትገን አጠብነው። ከዚያ የወይራ ጭስ ላይ ደፍተን አጠንነው። ጭሱ ለጠላው መዓዛ ይሰጣል፤ ጋኑ ውስጥ ተደብቆ የቀረውን የማይፈለግ ተሕዋስም ይቀንሳል። ጋኑ ሲበርድ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ በጥብጠን ከደንነው። ጌሾው መዓዛውን ሲያወጣ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ጨመርንበት። ጥንስስ ማለት ይኸው ነው።

ከሱቅ የተገዛ እርሾ የለውም። እርሾው ከእህሉ፣ ከጌሾውና ከዕቃው ራሱ ነው የሚመጣው። ሲጀመር ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ መራቢያ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ግን በነጋታው ቀጥሎ የሚገባውን የታመሰ ዱቄት እያሰብኩ "እቴቴ፣ እንኩሮውን መቼ ነው የምንጨምረው?" ማለት ጀመርኩ።

"አንተ ልጅ፣ እኔን አትጠይቀኝ። ጋኑን ጠይቀው" አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የምሯን ነው። በየጠዋቱ ክዳኑን ሳልነካ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ የሰማሁትን እንድነግራት አዘዘችኝ። ደብረ ብርሃን ብርዱን ታውቁታላችሁ። ጋኑ ጭጭ! ቆላ ቢሆን ቶሎ ይነሳ ነበር፤ ደጋ ላይ ግን እርሾው ይለግማል። እሷ ግን ብቅልም ሆነ ስኳር ልጨምርበት አላለችም። ጋኑን ወደ ምድጃው ግድግዳ አስጠግታ አሮጌ ጋቢ አለበሰችው። በቃ።

ለምን እንደማትቸኩል የገባኝ ስታብራራልኝ ነው። ጥንስሱ ሳይነሳ እንኩሮውን ብታፈስበት ያን ሁሉ ምግብ የሚበላ በቂ እርሾ የለም። እርሾው እስኪበረታ የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ይቀድሙታል። እሷ በራሷ ቋንቋ "ኮምጣጣው ይቀድምሃል" ነው ያለችው። አንዴ የኮመጠጠ ጠላ ደግሞ መመለሻ የለውም።

አንድ ጠዋት ጋኑ ውስጥ ችስ ችስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠርቻት አብረን ከፈትነው። ላዩ ላይ አረፋ ተሰብስቧል፣ ቂጣው ወደ ላይ ተገፍቷል፣ ሽታው ስል ነው ግን አይኮመጥጥም። "አሁን አዎ" አለች።

እንኩሮው ብዙ አላስቸገረንም። ለአንድ ኪሎ ብቅል አምስት ኪሎ ያህል የገብስ ዱቄት ነው የለካችው። ዱቄቱን ውሃ እያርከፈከፍን ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን አመስነው። ክፉኛ ካረረ ጠላው ይመራል። እዚህም ላይ መጠበቅ አለ፦ በእጅ ሲዳሰስ ሙቀቱ ፍጹም መውጣት አለበት። ትኩሱን ከጨመርከው እርሾውን ትገድላለህ፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረውን የብቅል ኢንዛይምም ታበላሻለህ። የእንኩሮው ኢንዛይም ምጣድ ላይ ስለሞተ ሥራው ሁሉ የብቅሉ ነው። ከተወቀጠ የጌሾ እንጨት ጋር ጥንስሱ ላይ ጨምረን አወፍረን ደፈደፍነው።

ድፍድፉ ሲፈላ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አይሆንም፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ፕላስቲክ ጀሪካን የምትጠቀሙ በተለይ ልብ በሉ፣ ያብጣል። እቴቴ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ የተለኮሰ ክብሪት ዝቅ ታደርጋለች። ክብሪቱ እልም ብሎ ከጠፋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አለ ማለት ነው። ግን ፍላቱ ካበቃም በኋላ ጋዙ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል በክብሪት ብቻ አትፈርድም። ድምፁ መቀነሱንና ተንሳፍፎ የነበረው ወደ ታች መስመጡን አብራ ታያለች። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ውሃ ሞልተን አፉን ደህና አድርገን ዘጋነው። ከዚህ በኋላ አየር ጠላት ነው። ጠላን ወደ ሆምጣጤ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩምና "ልቅመሰው" እያልክ በከፈትክ ቁጥር ትጋብዛቸዋለህ።

በጉሹ አንድ ጣሳ ቀዳችልኝ። ደፍረስ ያለ፣ መረር የሚል፣ ጭሱ ከኋላ የሚመጣ። እኔ ወደድኩት። እሷ ግን ቀምሳ "ጌሾው በዝቷል" አለችና የሚቀጥለውን እንጨት ቀንሰን እንድንደፈድፍ ወሰነች። ከተረፈው ድፍድፍ ላይ ውሃ ጨምረን ቅራሪ አወጣን፤ ለጎረቤት ልጆች ሳይቀር የሚሰጥ ቀላል ነው። አተላው ለላሟ ሄደ።

አሁን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በትንሽ እንስራ ልሞክር ነው። ምድጃ የለኝም፣ ጋቢው ግን አለ። በቆሎ ቀላቅላችሁ የጠመቃችሁ ካላችሁ፣ እንኩሮው ላይ ነው ወይስ ቂጣው ላይ የጨመራችሁት?