ትርፉን በብር-ወር ማካፈል፦ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ሰኔ 30 ሲዘጋ

የማኅበራችን ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ክፍፍሉን ሐምሌ ውስጥ እሠራለሁ፣ የሚከፈለው ግን ኦዲት ተደርጎ ጠቅላላ ጉባኤው ካጸደቀው በኋላ ነው። አባላት "ወለድ" እያሉ በአንድ ስም የሚጠሯቸው ሦስት የተለያዩ ገንዘቦች አሉ፤ መጀመሪያ እነሱን እለያለሁ። የቁጠባ ወለድ ወጪ ነው፤ ትርፍ ቢገኝም ባይገኝም ይከፈላል። የዕጣ ክፍፍልና የተሳትፎ ክፍፍል ደግሞ ከተጣራው ትርፍ ብቻ የሚወጡ ናቸው። ዕጣ የምንለው አባሉ በማኅበሩ የገዛው የባለቤትነት ድርሻ ነው፤ ተሳትፎ የምንለው ደግሞ ተበዳሪው በዓመቱ በከፈለው ወለድ ልክ የሚመለስለት ድርሻ ነው።

ለማሳያ ክብ ቁጥሮችን ልጠቀም። በዓመቱ የተሰበሰበው የብድር ወለድ 600,000 ብር፣ የመመዝገቢያ፣ የቅጣትና ሌላ ገቢ 30,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቁጠባ ወለድ 252,000፣ የደመወዝ፣ የኪራይና የጽሕፈት መሣሪያ 128,000፣ ላይመለስ ለሚችል ብድር ማካካሻ የሚያዝ 50,000 ይቀነሳል። የተጣራው ትርፍ 200,000 ብር ይሆናል። 30 በመቶው፣ ማለትም 60,000 ብር፣ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። ጉባኤው 20,000 ብር ለሥልጠናና ለማኅበራዊ ጉዳይ ቢመድብ ለአባላት 120,000 ብር ይቀራል፤ 72,000 ለዕጣ፣ 48,000 ለተሳትፎ እንበል።

የዕጣውን ሰኔ 30 ባለው ቀሪ ማካፈል ቀላል ይመስላል። በዕለቱ ያለው ዕጣ 720,000 ብር ከሆነ ለአንድ ብር 10 ሳንቲም ይደርሳል፤ 5,000 ብር ዕጣ ያለው ሁሉ 500 ብር ያገኛል። ግን አንዱ አምስት ሺውን ዓመት ሙሉ አስቀምጦ፣ ሌላው ግንቦት 1 ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ክፍፍል መቃረቡን ሲያዩ ዕጣ የሚገዙ ሁልጊዜም አሉ፤ ቀሪውን ብቻ የሚያይ ስሌት ይጠቅማቸዋል።

ስለዚህ በብር-ወር እሠራለሁ። በየወሩ መጨረሻ ያለውን ዕጣ ደምሬ ነው የማገኘው። የማኅበሩ ድምር 7,200,000 ብር-ወር ቢሆን፣ 72,000ን ለእሱ ሳካፍል ለአንድ ብር-ወር 1 ሳንቲም ይመጣል። ነባሩ አባል 5,000 በ12 ወር፣ 60,000 ብር-ወር አለው፤ 600 ብር ይደርሰዋል። የግንቦቱ ገዢ ግን 10,000 ብር-ወር ብቻ ስላለው 100 ብር ያገኛል። የቁጠባ ወለዱም በዚሁ መንገድ ይሰላል፦ 43,200,000 ብር-ወር በዓመት 7 በመቶ 252,000 ብር ነው። ጳጉሜን ለብቻዋ ወር አላደርጋትም፤ ከነሐሴ ጋር ትታሰባለች።

በኤክሴል ከ`C` እስከ `N` የ12ቱን ወራት ቀሪ፣ `Q2` ላይ 0.01ን አስገብቼ፦

```
=ROUNDDOWN(SUM(C5:N5)*$Q$2,2)
```

ወደ ታች የማጠጋጋው የአባላቱ ድምር ከ72,000 እንዳያልፍ ነው።

ተሳትፎው ይቀላል። 48,000 ለ600,000 ሲካፈል ለተከፈለ አንድ ብር ወለድ 8 ሳንቲም ነው። 60,000 ብር በ15 በመቶ፣ ወለዱ በቀሪ ብድር እየታሰበ ለ12 ወር የተበደረ ሰው የመጀመሪያው ወር ወለዱ 750 ብር፣ የዓመቱ 4,875 ብር ነው፤ 390 ብር ይመለስለታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ካልከፈለ የሚቆጠርለት የከፈለው 4,687.50 ብቻ ስለሆነ 375 ብር ይደርሰዋል።

ከስህተት ሁሉ የከፋው ያልተሰበሰበ ወለድን እንደ ገቢ መያዝ ነው። በብድር ካርዶቹ መሠረት መከፈል የነበረበት ወለድ 680,000 ቢሆንና ያንን ብመዘግብ፣ ትርፉ በወረቀት 280,000 ይሆናል። የሌለው 80,000 መጠባበቂያው ከተቀነሰለት በኋላ 56,000 ብር ለክፍፍል ይቀርባል፤ የሚከፈለውም ከአባላት ቁጠባ ላይ ተነሥቶ ነው። ይህን የምይዘው የወለድ ገቢውን ከገቢ ደረሰኞችና ከባንክ መግለጫ ጋር በማመሳከር ነው፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ውዝፍ ያለባቸው ካርዶች ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው የደመወዝ ተቆራጭ ነው። አሠሪው የሰኔውን ተቆራጭ ሐምሌ ላይ ሲልክ አንዳንዱ ጸሐፊ በሰኔ፣ ሌላው በሐምሌ ይመዘግበዋል፤ የአባላት ካርድ ድምርና ዋናው መዝገብም አይገጥሙም። እኔ ገንዘቡ ባንክ የገባበትን ወር እይዛለሁ፤ ለሁሉም እኩል እስከሠራ ድረስ ቅሬታ አይነሣም። ካርዶቹና ዋናው መዝገብ በ1 ብር እንኳ ቢለያዩ ክፍፍሉን አልጀምርም፤ አንዱ በ500 ብር በልጦ ሌላው በ499 ጎድሎ ሊሆን ይችላልና።

ውዝፍ ያለበት አባል ድርሻው በእጁ አይሰጠውም፤ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ወደ ብድሩ ይገባል። ከማጠጋጋት የተረፉት ሳንቲሞች ወደ መጠባበቂያ ይሄዳሉ።