ያልታየኝ ደረጃ

ዛሬ የስፖት ፈተናው ውጤት ተለጠፈ። ሰባተኛው ጣቢያ ላይ ዜሮ። የሚገርመው ከሁሉም የተማመንኩት በዚያ ጥያቄ ነበር።

አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ስላይድ፣ አንድ ደቂቃ። ሮዝ ቀለም የገባበት ጡንቻ፣ ላዩ ላይ ደቃቅ አግድም መስመሮች። "መስመር ካለው ስኬሌታል፣ የአጥንት ጡንቻ ነው" አልኩና ጻፍኩ። መልሱ ካርዲያክ፣ የልብ ጡንቻ ነበር። መስመሩማ የሁለቱም ነው፤ የሌለው እንደ አንጀት ባሉ አካላት ግድግዳ ያለው ስሙዝ ብቻ ነው። ይህን የተማርነው ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። ምን ነካኝ?

ከሰዓት በኋላ ላብ ሄድኩ። የላቡን ቴክኒሻን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

"ጋሼ፣ የሰባተኛዋን ስላይድ አንዴ ያሳዩኝ።"

"ያለቀሳችሁባትን?" ብለው ሳቁና አወጡልኝ። ባለ 40ውን ሌንስ አዙረው፣ "መስመሩን ተዪውና ኒውክለሱን ፈልጊ" አሉኝ።

ኒውክለሱ ሴሉ መሃል ነበር። ሞላላ፣ ፈዘዝ ያለ፣ ከሁለቱም ጫፎቹ አጠገብ ትንሽ ገላጣ ቦታ ያለው። ስኬሌታል ቢሆን በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ኒውክለስ ይኖራል፤ ጠፍጣፋ ሆነው ዳር ዳሩን ይለጠፋሉ። "በቃ፣ ካርዲያክ ነው!" አልኩ።

"አትቸኩዪ" አሉ። የስኬሌታል ሴል ሲቆረጥ ምላጩ ላዩን ብቻ ገፎ ካለፈ፣ ዳር ያለው ኒውክለስ መሃል የተቀመጠ ይመስላል ለካ። ስለዚህ አንድ ሴል አይተው አይፈርዱም፤ አሥር ያያሉ። አየሁ። አብዛኞቹ መሃል ናቸው።

ቀጥሎ አንዱን ሴል በዓይኔ ተከተልኩ። ሄደ ሄደና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ክንፍ ከጎረቤቱ ጋር ገጠመ። ስኬሌታል እንዲህ አያደርግም፤ እንዳልተቀቀለ ፓስታ ቀጥ ብሎ ነው የሚተኛው። ቤት ውስጥ የበሬ ልብ ስከትፍ ትዝ አለኝ። ቀይ ሥጋ በክሩ በኩል ሲስቡት ይተለተላል፣ ልብ ግን እምቢ ይላል። እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንዴት ይተልተል?

የካርዲያክ ዋና መለያ የሆነው ዲስክ ግን አሁንም አልታየኝም። ጋሼ ኮንደንሰሩን ትንሽ ዝቅ፣ ዳያፍራሙን ጠበብ አደረጉት። ብርሃኑ ቀነሰና ነገሩ ወጣ። ከሌሎቹ መስመሮች የጠቆረና የወፈረ መስመር ሴሉን አቋርጦ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ይሰበርና አንድ እርከን ወርዶ ይቀጥላል። የደረጃ ቅርጽ። ኢንተርካሌትድ ዲስክ ማለት ይሄ ነው፤ የአንዱ ሴል መጨረሻ፣ የሌላው መጀመሪያ። ደቃቆቹ መስመሮች በ2 ማይክሮሜትር ገደማ ይደጋገማሉ። ከዲስክ ዲስክ ግን 100 ማይክሮሜትር ሊደርስ ይችላል። በአንድ ሴል ወደ ሃምሳ መስመር መሆኑ ነው። እኔ ከሃምሳው አንዷን መለየት አቅቶኝ ነበር።

ለምን ደረጃ ሆነ? ማታ ሳነብ ገባኝ። ልብ ሲኮማተር ጉተታው የሚያርፈው ሴሉን በሚያቋርጠው የደረጃው ክፍል ላይ ነው። እዚያ የአክቲን ክሮቹ ጫፍ ፋሺያ አድኸረንስ በሚባለው መያዣ ይታሰራል፤ ዴስሞሶሞች ደግሞ ሁለቱን ሴሎች እንደ ቁልፍ ይቆልፋሉ። በሴሉ ርዝመት የሚሄደው ክፍል በጉተታው አቅጣጫ ስለተኛ ብዙ አይጨነቅም። ጋፕ ጃንክሽኖቹ በብዛት የተቀመጡት እዚያ ነው። በእነሱ ቀዳዳ አዮን ከሴል ወደ ሴል ያልፋል፣ የልብ ምቱም ምልክት እንደዚያው። የስኬሌታል ሴል ግን ለእያንዳንዱ የራሱ የነርቭ ጫፍ ያስፈልገዋል። ጋፕ ጃንክሽን ስሙዝም አለው፤ የአንጀት ግድግዳ አንድ ላይ የሚኮማተረው በእሱ ነው። ዲስክ ግን የለውም። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ብዙዎች የልብ ጡንቻ ድንበር የሌለው አንድ ወጥ ነገር ይመስላቸው ነበር። በዲስኩ ላይ የሁለት ሴሎች ሽፋን ጎን ለጎን መኖሩን ያሳየው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

ልወጣ ስል ጋሼ ሌላ ስላይድ አስገቡ። "ይቺስ?"

በአግድም የተቆረጠ ነው። መስመር የለም፣ ደረጃ የለም፣ ክብ ክብ ነገር ብቻ። አንዳንዱ ክብ መሃሉ ላይ ኒውክለስ አለው፣ አንዳንዱ ባዶ ነው። "ስሙዝ" ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። የስሙዝ ሴል እንደ እንዝርት ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ክቦቹ ትልቅና በጣም ትንሽ ሆነው ይደበላለቃሉ፤ ኒውክለሱም የያዘውን ክብ ሊሞላው ምንም አይቀረው። እነዚህ ግን ሰፊ ናቸው፣ ውስጣቸው በደቃቅ ነጥብ የተሞላ፣ በመካከላቸው ካፒላሪ በካፒላሪ።

"ካርዲያክ" አልኩ በቀስታ።

ጋሼ ስላይዱን ወደ ሳጥኑ መለሱና ቁልፋቸውን አነሱ። "ነገ በሦስት ሰዓት ነው የምከፍተው" አሉኝ።