አፋቸው ተዘግቶ ምርቃቱ ሲቀጥል

የአንድ መልስ ፕሮግራም ቪዲዮ ለማስረከብ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ የስቱዲዮው ባለቤት ከኋላዬ ቆመው ኤክስፖርት ያደረግሁትን ፋይል በቴሌቪዥኑ ሲመለከቱ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ እኚህ እናት አፋቸውን ዘግተው ነው የሚመርቁት?» አሉኝ። እውነትም የሙሽራዋ እናት ከንፈራቸውን ገጥመው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ድምፃቸው ግን «ውለዱ፣ ክበዱ» እያለ ቀጥሏል። ቀጥለውም፣ እንደ ልማዳቸው፣ «በዚህ ላፕቶፕ ሦስት ካሜራ አይሠራም ብዬህ አልነበር?» አሉ።

ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ነው፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ሦስቱን ካሜራ ሳይንተፋተፍ ያጫውት የነበረው ፕሮክሲ፣ ማለትም ለመቁረጥ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ፣ ስለሠራሁለት ነው። ሁለቱ ካሜራዎች የቀረጹት 4ኬ በኤች 264 ሲሆን፣ በዚህ አቀራረጽ አብዛኛው ፍሬም ራሱን ችሎ የተቀመጠ ሳይሆን ከጎረቤቶቹ ያለውን ልዩነት ብቻ የያዘ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ዘልዬ ባረፍኩ ቁጥር ማሽኑ የዙሪያውን ፍሬሞች ሁሉ መፍታት አለበት፤ በመልቲካም ደግሞ ይህን በአንድ ጊዜ ለሁሉም ካሜራ ያደርጋል። ማሽኑን የሚያንቀው ዲስኩ ሳይሆን ይህ ሥራ ነው። በ1280 በ720 የተሠራ የፕሮሬስ ፕሮክሲ ግን እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሆኖ የተቀመጠበት ነው፤ ቦታ ይወስዳል፣ ለአንድ ሰዓት 7 ጊጋባይት ያህል፣ ለመክፈት ግን ቀላል ነው። በፕሪሚየር Create Proxies ብዬ ማታ ትቼው ተኛሁ፤ ጠዋት ሦስቱን ካሜራ በድምፃቸው አገጣጥሜ፣ ማለትም ሲንክ አድርጌ፣ Toggle Proxies የሚለው ቁልፍ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ሦስት ቀን ያለ ችግር ቆረጥኩ።

ሦስተኛው ካሜራ ስልክ ነበር፤ በእናቶች ጠረጴዛ አጠገብ በትንሽ ትራይፖድ ላይ የቆመ። አስቸጋሪውም እሱ ሆኖ ተገኘ። ስልክ ብርሃን ሲቀንስበት የፍሬሙን ቁጥር ራሱ ዝቅ ያደርጋል፤ 30 ይላል፣ ግን እንደ አዳራሹ መብራት ወደ 24 ይወርድና እንደገና ይወጣል። ፕሮክሲው ሲሠራ ይህ መለዋወጥ ወደ አንድ ወጥ ፍጥነት ተስተካክሎ ስለተጻፈ፣ እኔ በምሠራበት ምስል ከንፈርና ድምፅ አልተለያዩም። ኤክስፖርት ሲደረግ ግን ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል፤ ዋናው ደግሞ አሁንም ተለዋዋጭ ነው። መጀመሪያው ላይ ምንም አይታወቅም፤ ወደ 40ኛው ደቂቃ ሲጠጋ ምስሉ ድምፁን በግማሽ ሰከንድ ያህል ቀድሟል። እናትየው የመረቁት ደግሞ በ42ኛው ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት የጥፋቱን ምንጭ በሲንኩ ውስጥ መፈለግ ነበር። የስልኩን ክሊፕ በ12 ፍሬም ገፋሁት፤ መጨረሻው ሲገጥም መጀመሪያው ተበላሸ። በሲንክ ስህተት ከሆነ መዛነፉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍጥነት ነው። ፋይሉን በ MediaInfo ስከፍተው Frame rate mode በሚለው ትይዩ Variable ተጽፎ አገኘሁት። ይህን ለማየት ሦስት ቀን ሳይሆን አስር ሰከንድ ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ የስልኩን ዋና ፋይል በወጥ ፍጥነት እንደገና ጻፍኩት፦

```
ffmpeg -i phone.mp4 -vf fps=30 -c:v libx264 -crf 16 -c:a aac -b:a 320k phone_cfr.mp4
```

የተገኘውን ፋይል በ Replace Footage በአሮጌው ቦታ ተካሁት። የቆረጥኩት በትክክለኛው ጊዜ ላይ ተመሥርቼ ስለነበር አንድም ቁራጭ መንካት አላስፈለገኝም፤ እናትየው አፋቸውን ከፍተው መረቁ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ያለበት ሥራ ሲመጣ ይህን ከሲንክም ከፕሮክሲም በፊት አደርጋለሁ፤ ኤክስፖርት ከማድረጌ በፊትም ፕሮክሲውን አጥፍቼ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች በዋናው ፋይል እመለከታለሁ፣ ምስሉ ቢንተፋተፍም።

ለባለቤቱ ጥፋቱ የላፕቶፑ ሳይሆን የስልኩ እንደሆነ በአክብሮት አስረዳኋቸው፤ «እሺ፣ ይሁን» ብለው ሄዱ። ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጠንካራ ላፕቶፕ ቢኖረኝ ኖሮ ፕሮክሲ የሚባል ነገር ውስጥ ባልገባሁም ነበር፤ በዋናው ፋይል ስቆርጥም መዛነፉን በመጀመሪያው ቀን አየው ነበር። ይህን እስካሁን አልነገርኳቸውም።