ዓይኑ የፈዘዘው ቀረሶ

ዛሬ ባሕር ዳር አሳ ገበያ አንዲት እናት ውኃ ተረጭቶ የሚያብረቀርቀውን ቀረሶ ትተው ዓይኑ ፈዘዝ ያለውን ሲመርጡ አየሁ። «እናቴ፣ ያኛው አይሻልም?» ብላቸው የሁለቱንም የስንጥብ ክዳን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ፤ የሚያብረቀርቀው ስንጥቡ ቡናማ ሆኖ በዝልግልግ ፈሳሽ ተጣብቋል፣ ሽታውም ኮምጠጥ ይላል፤ የእርሳቸው ግን ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ የሚሸተውም ሐይቁን ነው። የጎላና የጠራ ዓይን የትኩስነት ምልክት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በረዶ ላይ የዋለ አሳ ሥጋው ሳይበላሽ ዓይኑ ሊፈዝ ስለሚችል፣ ዓይንን ብቻ ማመን ያሳስታል። ቀጥለው ጀርባውን ጫን አድርገው ለቀቁት፤ የጣታቸው ምልክት ወዲያው ጠፋ፣ በሌላው ላይ ግን ጎድጉዶ ቀረ። ቆዳው ተገፎ አጥንቱ ወጥቶ ለሚሸጥ አሳ ደግሞ ዓይንም ስንጥብም ስለሌለው፣ ለገዢ በዋናነት የሚቀረው መጫንና ማሽተት ነው።